የአሠራር ለውጥን ለሠራተኞች ማሳወቅ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ እንደተረጋገጠ፣ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ፣ በቢሮ መገኘታቸው የግድ የሆነ ሠራተኞች ግን እንዲገቡ ተወሰነ። እንዲህ ያለው ውሳኔ በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገር የሚያደናግረው «የግድ የሆነ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ማን እንደሆነ በሥራ መደብ ካልተጠራ እያንዳንዱ ሠራተኛ እንደመሰለው ይተረጉመዋል።

ለምሳሌ በአሊዩ አምባ የሚገኝ መሥሪያ ቤት የሚከተለውን ሊለጥፍ ይችላል፦

ምክንያት፦ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ሠራተኛው ሁሉ ከገባ የሁለት ሜትር ርቀት መጠበቅ አይቻልም።

የሚጀምርበት፦ ሰኞ መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት። እስከዚያ ነባሩ አሠራር ይቀጥላል።

በቢሮ የሚሠሩ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ጥበቃና ጽዳት ብቻ። ከእነዚህም ነፍሰ ጡር ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሠራተኛ አይገባም፤ የሰው ኃይል ክፍል ምትክ ይመድባል።

«ከሰኞ ጀምሮ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ማስታወቂያውን ዘግይቶ ያነበበ ሰው የሚቀጥለውን ሰኞ ሊጠብቅ ይችላል። የማስታወቂያው ግልጽነት የሚታወቀው የጥበቃ ሠራተኛው ሲጠየቅ ለውጡ ለምን እንደመጣ፣ መቼ እንደሚጀምርና እርሱን ይመለከተው እንደሆነ በራሱ ቃል ሲመልስ ነው።