የአሳይመንት ሩብሪክን ወደ ጎን ማንበብ፦ «በጣም ጥሩ» ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለይበት ነጥብ

አንድ የድኅረ ምረቃ መምህር የአሳይመንት መመሪያን በኮርሱ ገጽ ላይ ሲጭን በሰነዱ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ይገኛል። ሠንጠረዡ በግራ በኩል መስፈርቶችን፣ ከላይ የውጤት ደረጃዎችን፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ የየደረጃውን መግለጫ ይይዛል። ሩብሪክ የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ተማሪ የቃላቱን ብዛት፣ የማስረከቢያውን ቀንና የሚፈለጉትን ምንጮች ቁጥር ከፊተኛው ገጽ ካነበበ በኋላ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ይገባል፤ ሠንጠረዡን በጥሞና የሚመለከተው ውጤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያነበውም ቢሆን የከፍተኛውን ደረጃ ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ንባብ የሚገኙት «ጥልቅ»፣ «ሂሳዊ»፣ «የተዋሐደ» የሚሉ ቅጽሎች ናቸው፤ ቅጽሎቹም ብቻቸውን ምን መደረግ እንዳለበት አይናገሩም። ሩብሪክ ትርጉም የሚሰጠው በአንድ መስፈርት ረድፍ ላይ አጎራባች ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

ለማሳያ አንድ መመሪያ ይወሰድ። መመሪያው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ቢሆንም ቅርጹ በትምህርት ፋኩልቲዎች የተለመደ ነው። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች ስለሚሰጥ የአማርኛ ንባብ ትምህርት በ2000 ቃላት የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት እንዲያዘጋጅ፣ ቢያንስ 8 ምንጮችን እንዲጠቀም ታዟል። ሥራው ከ100 ይታረማል፤ የምንጭ አመራረጥ 20፣ ምንጮችን ማዋሐድ 35፣ ሂሳዊ ምዘና 25፣ አደረጃጀትና ቋንቋ 10፣ የማጣቀሻ አጻጻፍ 10 ነጥብ ይይዛሉ።

ከሁሉም በፊት የሚታየው የነጥቡ ድልድል ነው። ማዋሐድና ሂሳዊ ምዘና ተደምረው 60 ነጥብ ይሆናሉ። ምንጮቹን ከ8 ወደ 15 ያሳደገ፣ እያንዳንዱን በትክክል ያጠቃለለ፣ ማጣቀሻውን ያለ እንከን የጻፈ ተማሪ በአመራረጥ 17፣ በማዋሐድ 22፣ በሂሳዊ ምዘና 14፣ በአደረጃጀት 9፣ በማጣቀሻ 10 ቢያገኝ ድምሩ 72 ነው። 8 ምንጮችን ብቻ ይዞ በማዋሐድ 31፣ በሂሳዊ ምዘና 22፣ በአመራረጥ 16፣ በቀሩት በሁለቱ 8፣ 8 ያገኘው ግን 85 ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ተማሪ ምናልባት የበለጠ ደክሟል፤ ድካሙ የዋለው ግን ብዙ ነጥብ ባልተመደበበት ቦታ ነው። ውጤቱን ሲያይ «ይህን ያህል አንብቤ» ብሎ ቢያዝን አያስገርምም። ሠንጠረዡ ግን ያነበበውን ብዛት የሚቆጥርበት ረድፍ የለውም።

ከዚህ በኋላ ከባዱ ረድፍ፣ ማለትም ማዋሐድ፣ ይነበባል። ከ15 እስከ 23 ነጥብ የሚያስገኘው ሳጥን «የየምንጩን ይዘት በትክክል ያጠቃልላል» ይላል። ከ24 እስከ 29 የሚያስገኘው «ምንጮቹን በጭብጥ ይመድባል፤ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ይጠቅሳል» የሚል ነው። ከ30 እስከ 35 የሚያሰጠው ደግሞ «ምንጮቹን በጭብጥ ያዋሕዳል፤ የልዩነታቸውን ምክንያት ይመረምራል፤ ከዚህም ያልተመለሰ ጥያቄ ያወጣል» ይላል። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከግሦቹ የሚታይ ነገር አለ፤ ያጠቃልላል፣ ይጠቅሳል፣ ይመረምራል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ተማሪው ከምንጮቹ ጋር የሚሠራው ሥራ ራሱ ይለወጣል። በዝቅተኛው ሳጥን ያለውን ሥራ በእጥፍ ማብዛት ወደ ቀጣዩ አያሻግርም።

ጆን ቢግስና ኬቪን ኮሊስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት፣ ሶሎ በሚል ምኅጻር በሚታወቀው የደረጃ አመዳደብ ይህን ሽግግር ለይተው አስቀምጠዋል። በእነርሱ አከፋፈል አንድ መልስ ብዙ ትክክለኛ ነጥቦችን ደርድሮ በመካከላቸው ግንኙነት ላይፈጥር ይችላል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ደረጃ ነጥቦቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተሰጠው ጉዳይ ባሻገር ወደ አዲስ ጥያቄ የሚያሻግር ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ሳጥኖች ከዚህ አከፋፈል ጋር እጅግ ይቀራረባሉ።

ልዩነቱ በጽሑፍ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለማሳየት ለምሳሌነት ብቻ የተፈጠሩ ሁለት ጥናቶች ይታሰቡ። ሁለቱም በፊደልና ድምፅ ግንኙነት ላይ ያተኮረ አንድ ዓይነት የማስተማሪያ ዘዴ መርምረዋል፤ የመጀመሪያው ዘዴው ውጤታማ ነው ሲል ሁለተኛው ለውጥ አላየሁም ይላል።

በዝቅተኛው ሳጥን የሚመደበው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «አንደኛው ጥናት በ2ኛ ክፍል የተካሄደ ሲሆን ዘዴው የተማሪዎችን ንባብ እንዳሻሻለ አረጋግጧል። ሁለተኛው ጥናት በ3ኛ ክፍል የተካሄደ ሲሆን ጉልህ ለውጥ አላገኘም።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ቢሰረዝ ግን ሌላው ምንም አይጎድለውም። ይህ የማጠቃለያ ደረጃ ዋነኛ ምልክት ነው።

መካከለኛው እንዲህ ይላል፦ «ስለ ዘዴው ውጤታማነት ጥናቶቹ አይስማሙም። አንደኛው በ2ኛ ክፍል መሻሻል ሲያገኝ ሁለተኛው በ3ኛ ክፍል አላገኘም።» እዚህ አንቀጹ የሚነሣው ከጭብጥ ነው፤ ልዩነቱም ተጠቅሷል። ሆኖም ልዩነቱ እንደተጠቀሰ ተትቷል። ብዙ ጥሩ ተማሪ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ከ24 እስከ 29 ያለውንም ነጥብ በሚገባ ይወስዳል።

ከፍተኛው ደረጃ ከዚህ ይቀጥላል፦ «ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የለኩት አንድ ነገር አይደለም። አንደኛው ተማሪው በደቂቃ ስንት ፊደል እንደሚለይ ሲቆጥር ሁለተኛው አንብቦ የመረዳት ጥያቄ ጠይቋል። በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ 231 ሆሄያት ስለሚሆኑ ሆሄያትን በፍጥነት መለየት ራሱን የቻለ ከባድ ተግባር ነው፤ በዚህ የተገኘ መሻሻል ግን የግድ ወደ መረዳት አይሸጋገርም። ዘዴው የትኛውን ክህሎት፣ በየትኛው የክፍል ደረጃ እንደሚረዳ ሁለቱንም ክህሎቶች በአንድ ዓይነት ተማሪዎች ላይ የለካ ጥናት ቢኖር ይታወቅ ነበር።» ይህ አንቀጽ አዲስ ምንጭ አልጨመረም። የጨመረው ምክንያትንና ከምክንያቱ የወጣን ጥያቄ ነው። ሁለቱም በሳጥኑ ውስጥ በግልጽ ተጠይቀዋል።

ከዚህ ላይ አንድ የቋንቋ እንቅፋት ሊነሣ ይገባል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሩብሪኩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ ተማሪው ግን የሚያስበው በለመደው ቃል ነው። ሂስ በዕለት ተዕለት አማርኛ ወደ ነቀፌታ ያደላል፤ ግምገማም በመሥሪያ ቤትና በፖለቲካ ስብሰባ ልማድ ጥፋት ከመፈለግ ጋር ተቆራኝቷል። ስለዚህ «ሂሳዊ ምዘና» የሚለውን ያነበበ ተማሪ በየምንጩ መጨረሻ «የጥናቱ ናሙና አነስተኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲለጥፍ ይታያል። ከ25ቱ ከፍተኛውን ነጥብ የሚያሰጠው ሳጥን የሚጠይቀው ግን «የጥናቱ ውሱንነት ለድምዳሜው ምን ትርጉም እንዳለው» ነው። ናሙናው ከአንድ ከተማ ትምህርት ቤት የተውጣጡ 40 ተማሪዎች ከሆነ ተማሪው የሚጽፈው ድምዳሜው በቤታቸው መጽሐፍ ለሌላቸው የገጠር ልጆች ለምን እንደማያገለግል፣ ለየትኛው ጥያቄ ግን በቂ እንደሆነ ነው። ጥናቱ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘም ጥንካሬውን በምክንያት ማስረዳት ያው ሂሳዊ ምዘና ነው። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይለወጥ ወደ ሌላ ምንጭ ቢዛወር የሚስማማ ከሆነ ከፍተኛውን ሳጥን አልነካም።

የሳጥኖቹን አያያዥ ቃላት ማየትም ይጠቅማል። በከፍተኛው ሳጥን ሦስት ነገሮች ተጠይቀዋል፤ ምክንያቱን በሚገባ መርምሮ ያልተመለሰውን ጥያቄ ያላወጣ ተማሪ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ አሟልቷል። አንዳንድ መምህራን በዚህ ጊዜ ሥራውን ወደ ዝቅተኛው ሳጥን ያወርዱታል፤ ሌሎች በይበልጥ በሚቀርበው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው በነጥቡ ክልል ታችኛ ጫፍ ላይ 30 ይሰጡታል። ሠንጠረዡ የትኛው እንደሚሠራ አይናገርም፤ መጠየቅ ያለበት ነው።

አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። ሮይስ ሳድለር እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት ተማሪ ሥራውን እንዲያሻሽል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላል፤ የሚፈለገውን ደረጃ መረዳት፣ የራሱን ሥራ ከዚያ ጋር ማነጻጸር፣ በመካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብብ እርምጃ መውሰድ። ደረጃው በቃላት ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደማይገለጥና ናሙና ሥራዎች እንደሚያስፈልጉም አስገንዝቧል። ስለዚህ «ጥልቅ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ መምህር በሌላ ቅጽል መመለሱ አይቀርም። ተማሪው ከማስረከቢያው ቀን አስቀድሞ የራሱን አንድ አንቀጽ በሁለት ዓይነት ጽፎ፣ ከሠንጠረዡ ጋር ይዞ ቀርቦ «መምህር፣ ይህኛው በየትኛው ሳጥን ይገባል? ያኛውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልሱ የሚታይና የሚሠራበት ይሆናል። ያለፉ ዓመታት ሥራዎችን ለማየት ከተፈቀደ ደግሞ ሁለት ያህል መርጦ፣ የተሰጣቸውን ነጥብ ሳያዩ በሩብሪኩ ማረምና ከመምህሩ እርማት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ልዩነቱ በአንድ ረድፍ ላይ ከተደጋገመ ተማሪው ያልተረዳው ያንን ረድፍ ነው።

በሠንጠረዡ ውስጥ የማይገኙ፣ ነገር ግን ውጤት የሚቀንሱ ሁኔታዎችም አሉ። የዘገየ ሥራ ቅጣት፣ የቃላት ወሰን፣ ከሌላ ሥራ የመቅዳት ክልከላ በአብዛኛው የሚጻፉት በመመሪያው አካል ውስጥ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን የትእዛዙ ግሥ ነው። የፊተኛው ገጽ «ይግለጹ» እያለ ሠንጠረዡ ምክንያት መመርመርን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ይህ የመመሪያው ጉድለት ነው። ሥራው የሚታረመው በሠንጠረዡ ስለሆነ ተማሪው ለጽሕፈት ሠንጠረዡን መከተል፣ አለመጣጣሙንም ለመምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል።