የምሳ ዕቃችን ለምን ብርቱካንማ ይሆናል? እንዴትስ ይለቃል?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ምሳ ዕቃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በታናሽ ወንድሜ ነው። 2ኛ ክፍል ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳውን ሳይነካው ይዞ ይመለስ ነበር። እማዬ “አሞሃል እንዴ?” ብትለው ዝም አለ። በኋላ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ለካስ ልጆቹ “ምሳ ዕቃህ አይታጠብም” ብለው ስለሳቁበት አልከፍት ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በየማታው የማጥበው እኔ ስለሆንኩ በጣም ተናደድኩ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ግን እውነትም ብርቱካንማ ሆኗል። በስልስ የተሠራ ፍርፍርና ፓስታ ነው እንደዚያ ያደረገው።

መጀመሪያ የድስት ሽቦ አንስቼ ፈገፈግኩት። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። “ሁለት ብርጭቆ ውሰጂ። በአንዱ ውኃ፣ በሌላው ዘይት አድርጊ። በሁለቱም ትንሽ በርበሬ ጨምረሽ በጥብጪና ጠብቂ” አሉኝ። እቤት ሄጄ ሞከርኩት። በርበሬው ሲዘቅጥ ውኃው ብዙም አልቀላም፤ ዘይቱ ግን ቀይ ሆኖ ቀረ። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ቀይ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቲማቲምን የሚያቀላው ቀለም ላይኮፒን ይባላል። የበርበሬውም ቀለም የእሱ ዘመድ ነው። ሁለቱም ውኃ ውስጥ አይሟሙም፣ ዘይት ውስጥ ግን ይሟሟሉ። ስልስ ሲቁላላ ቀለሙ ወደ ዘይቱ ይገባል። ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ከዘይት ጋር ይስማማል። ትኩስ ስልስ ሲገባበት ፕላስቲኩ በሙቀቱ ትንሽ ይላላል፤ ቀለም የያዘው ዘይትም ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ሲቀዘቅዝ ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወንድሜ ምሳ ዕቃው ታጥቧል፤ ቀለሙ ግን ላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ነው ያለው። ብርጭቆና ብረት እንደዚህ አያስገቡም፤ ለዚህ ነው በሳሙና ብቻ የሚጠሩት።

ታዲያ ውስጥ የገባው እንዴት ይወጣል? መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከአንዲት እማማ ነው። ሽቦ ይዤ ስታገል አይተው “ልጄ፣ ነጠላ ላይ ወጥ ሲፈስ ምን እናደርጋለን? አጥበን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ይሄንንም አስጪው” አሉኝ። መምህራችንም ልክ ናቸው አሉ። የፀሐይ ብርሃን ላይኮፒንን ይሰባብረዋል፤ ሲሰባበር ቀለሙ ይጠፋል። ብርሃኑ ነጣ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚያልፍ ሳሙና የማይደርስበት ቦታም ይደርሳል።

እኔ ግን ካላየሁ አላምንም ብዬ የክዳኑን ግማሽ በወፍራም ካርቶን ሸፈንኩት። ሥራውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ውኃ ሳልነካ ምሳ ዕቃውን በደረቅ ሶፍት ጠረግኩት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጌ በሶፍት ሁለት ደቂቃ ያህል አሸሁት። አዲሱ ዘይት ላዩ ላይ ያለውን ቀለም ይስባል። ሶፍቱ ብርቱካንማ ሆነ። ሶፍት ቀይሬ፣ ቀለም መውሰዱን እስኪያቆም ደገምኩት።

ሁለተኛ፣ አሁንም ውኃ ሳልጨምር ፈሳሽ ሳሙና አፍስሼ በለስላሳ ስፖንጅ አሸሁት። ውኃ ቀድሞ ከገባ ሳሙናው ይቀጥንና ዘይቱን በደንብ አይዝም። ከዚያ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውኃ አጠብኩት። መጥራቱን የምታውቁት በጣታችሁ ነው። ጣታችሁ ከተንሸራተተ ዘይት አለ፤ ያዝ ያዝ እያደረገ ድምፅ ካሰማ ዘይቱ ለቋል። ዘይት ቀርቶበት ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘይቱ ይበላሽና መጥፎ ሽታ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ ክፍት አድርጌ፣ ውስጡ ወደ ፀሐይ እንዲያይ ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥኩት። እኛ የምንኖረው ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ጀርባ ነው። አደባባዩ ገላጣ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። እኛ ግቢ ግን ፎቁ ስለሚጋርደን ፀሐይ የምናገኘው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ጥላው በመጣ ቁጥር ቦታውን ቀየርኩለት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ደመና ሲሆን ግን ብዙ ቀን ይፈጃል።

ቅዳሜ ማታ ሳየው ቀለሙ ፈዟል። እሁድ ቢጫ ነገር ሆነ። ሰኞ ወንድሜ የኔን ምሳ ዕቃ ይዞ ስለሄደ የእሱ አንድ ቀን ተጨመረለት። ማታ ካርቶኑን ሳነሳ ክዳኑ ለሁለት የተከፈለ ይመስል ነበር። ፀሐይ ያየው ግማሽ ነጭ፣ የተሸፈነው ግማሽ ብርቱካንማ! ሁለቱም በአንድ ሳሙና የታጠቡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ብርሃኑ ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ሌላውንም ግማሽ አሰጣሁት፤ እሱም ነጣ።

አሁን ወደ ሽቦው ልመለስ። ሽቦው የፈገፈገበት ቦታ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ቀርተዋል። ጭረት ውስጥ አዲስ ስልስ ይገባና ከበፊቱ በባሰ ይይዛል፤ ስፖንጅም አይደርስበትም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብቶ የተጎረበጠ ፕላስቲክም እንደዚያው ነው፤ የቀለጠው ቦታ በፀሐይም አይስተካከልም። ደግሞ ነጣልኝ ብላችሁ ለሳምንታት ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ፕላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል። ባለቀለም ምሳ ዕቃ ከሆነ የራሱም ቀለም ሊፈዝ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። “በረኪና አድርጉበት” የሚሉ አሉ። በረኪና የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ እኛ አንንካው። በተለይ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

እንዳይዝ ለማድረግ ደግሞ አሁን እቤታችን ሁለት ነገር እናደርጋለን። እማዬ ስልሱን አቀዝቅዛ ነው የምትጨምረው፤ ከሥሩም እንጀራ ታነጥፋለች። ዘይቱ እስከ ምሳ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ግን እንደ በፊቱ አይሆንም። ወንድሜም እንደበላ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቀልቀዋል፤ እስከ ማታ ተዘግቶ አይቆይም።

ወንድሜ አሁን ምሳ ዕቃውን ባዶውን ይዞ ነው የሚመጣው። ባለፈው አንድ የክፍሉ ልጅ “አዲስ ተገዛልህ?” ሲለው “አይ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነው” አለው አሉ። ልጁ የራሱን ይዞ እቤታችን መጣ። የእሱ ደግሞ በእርድ ቢጫ የሆነ ነው። የእርድ ቀለም ለብርሃን ከላይኮፒንም የበለጠ ደካማ ስለሆነ በአንድ ቀን ፀሐይ ብቻ ለቀቀ።

የኔ ጥፋት የሆኑት የሽቦ ጭረቶች ግን ዛሬም ከምሳ ዕቃው ሥር እንደ ብርቱካንማ ክር ይታያሉ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!