ትርፉ የሚጀምረው ከስንተኛው እንጀራ ነው?

አንዲት የኔቬ ያዕቆብ እናት የጽዳት ሥራቸውን ትተው፣ ትንሽ ክፍል ተከራይተው እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ አሰቡ እንበል። «አንዱ እንጀራ 3.50 ሸቅል ይፈጅብኛል፣ በ6 ሸቅል እሸጠዋለሁ፤ 2.50 አተርፋለሁ» ይላሉ። ስሌታቸው ልክ ነው፤ ግን ገና ግማሹ ነው። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ወስደን ሌላውን ግማሽ አብረን እንሥራ።

3.50 ሸቅሉ የጤፍ ዱቄት፣ የመብራትና የከረጢት ዋጋ ነው። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል፤ ብዙ ሲጋገር ይጨምራል፣ ካልተጋገረ የለም። የክፍሉ ኪራይ 2,900፣ አርኖና 500፣ የሒሳብ ባለሙያ 350፣ ኢንሹራንስ 250፣ በድምሩ በወር 4,000 ሸቅል ግን ቋሚ ወጪ ነው። አንድም እንጀራ ባይሸጥ ይከፈላል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ እንጀራ የሚተርፈው 2.50 በመጀመሪያ እነዚያን 4,000 ሸቅሎች ይሸፍናል። 4,000ን ለ2.50 ስናካፍል 1,600 ይመጣል። በወር 1,600 እንጀራ ሲሸጥ ትርፍም ኪሳራም የለም፤ ትርፉ የሚጀምረው ከ1,601ኛው ነው። በወር 25 ቀን ከተሠራ በቀን 64 ማለት ነው። የተሸጠውን እንጂ የተጋገረውን አንቆጥርም፤ ያልተሸጠ እንጀራ ወጪው ወጥቶበት ገቢ አላመጣም።

አሁን አንድ ባለሱቅ «በ5 ሸቅል ስጡኝ፣ ብዙ እወስዳለሁ» ቢላቸውስ? የቀነሰው 1 ሸቅል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከእንጀራው የሚተርፈው ከ2.50 ወደ 1.50 ወረደ። ሁሉም በዚህ ዋጋ ከተሸጠ 4,000ውን ለመሸፈን በወር 2,667 እንጀራ፣ በቀን 107 ያህል ያስፈልጋል።

የፋሲካን ወርም እናስብ። በበዓሉ ሳምንት እንጀራ አይጋገርም፤ ኪራዩ ግን አይቀርም። የሥራው ቀን ወደ 18 ቢወርድ ያው 1,600 እንጀራ በቀን 89 ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የራስ ድካም ነው። እስካሁን ለእኚህ እናት አንድም ሸቅል ደመወዝ አላሰብንም። በወር 5,000 ሸቅል ለቤታቸው ማስገባት ከፈለጉ ከቋሚው ወጪ ጋር እንደምረው፤ 9,000 ለ2.50 ሲካፈል 3,600 እንጀራ፣ በቀን 144 ይሆናል። አንዱ እንጀራ ምጣድ ላይ 4 ደቂቃ ቢወስድ፣ በአንድ ምጣድ ከ9 ሰዓት ተኩል በላይ መቆም ነው። ሁለተኛ ምጣድ ሰዓቱን ያሳጥራል፤ ረዳት በወር ደመወዝ ቢቀጠር ግን ቋሚው ወጪ ከፍ ይላል፣ ስሌቱም እንደገና ይሠራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዖሴቅ ፓቱር ሆኖ የሚሠራ ሰው በዱቄቱ ላይ የከፈለው ማዓም አይመለስለትም። ስለዚህ የዱቄቱን ዋጋ ከነማዓሙ ይቁጠር።

የኪራይ ውል ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ፦ በየቀኑ 144 እንጀራ የሚገዙን እነማን ናቸው? ስማቸውን በወረቀት ጽፈን መቁጠር ካልቻልን የጽዳቱን ሥራ ገና አንልቀቅ፤ በቤታችን ምጣድ ጥቂት እየጋገርን ገዢ እናፍራ።