ስትሮክ፦ ለሐኪሙ የሚነገረው ሰዓት

አንዲት እናት እራት ላይ ሳሉ ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ እንበል። የአፋቸው አንድ ጠርዝ ዝቅ ብሏል፤ ሁለቱንም ክንዶቻቸውን እንዲያነሱ ሲጠየቁ አንደኛው ይወርዳል፤ ንግግራቸውም ይኮላተፋል። ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ፣ «ምች ነው፤ ይነጋልን» ብሎ ማደር አይገባም። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112 ወዲያውኑ መደወል ያስፈልጋል።

አብዛኛው ስትሮክ የሚከሰተው የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚያመራ የደም ቧንቧን ሲዘጋ ነው። የተዘጋው ትልቅ ቧንቧ ከሆነ፣ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አስቀድሞ ግን አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ይረጋገጣል፤ መድኃኒቱ የሚፈስ ደምን ያባብሳልና። በዚሁ ምክንያት ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት አደገኛ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው በሽተኛዋ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ነው። እኚህ እናት በአገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ፤ ሆስፒታል የደረሱት 3 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ያለፈው 70 ደቂቃ ብቻ ነው። ልጃቸው «ሁለት ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ቢተረጉመው ግን ሐኪሙ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ይመስለዋል፤ ከ7 ሰዓት በላይ እንዳለፈ ቆጥሮም መድኃኒቱን ሊተወው ይችላል። ትክክለኛው መልስ «ከምሽቱ 8 ሰዓት» ነው። ምልክቱ ከእንቅልፍ ሲነቁ የታየ ከሆነ ደግሞ የሚነገረው፣ ከመተኛታቸው በፊት ደህና የነበሩበት ሰዓት ነው።