ከጠርሙስ ክዳን የልጆች መቁጠሪያ ለመሥራት ሲያስቡ ማወቅ ያለብዎ

የታሸገ ውሃ ክዳን፣ ባዶ የፓስታ ካርቶን፣ ማስመሪያና ማርከር ካለዎት ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆነ ልጅ ጥሩ የቁጥር መማሪያ መሥራት ይችላሉ። ማድረቂያው ጊዜ ሳይቆጠር ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ከሥራው በፊት ነው። ወላጅ አስቀድሞ ክዳን ይሰበስባል፤ ምን ሊያስተምርበት እንደሆነ የሚያስበው ከሰበሰበ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ክዳኖቹ ለጥቂት ቀን ሲንከባለሉ ከርመው አልጋ ሥር ይቀራሉ። መቀስ ከማንሳትዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ ይመልሱ።

1. ልጅዎ አሁን ምን ያህል ያውቃል?

“ልጄ እስከ 20 ትቆጥራለች” ስንል አብዛኛውን ጊዜ የቁጥሮቹን ስም በቅደም ተከተል በቃሏ ታወርዳለች ማለታችን ነው። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ መቁጠር ግን ገና አይደለም። ለማወቅ አምስት ክዳን በተርታ ይደርድሩና “ስንት ናቸው?” ብለው ይጠይቋት። ጣቷ ከአፏ ቀድሞ ከሄደ፣ አንዱን ክዳን ሁለት ጊዜ ከነካች ወይም አንዱን ከዘለለች፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር መስጠትን ገና እየተማረች ነው።

በትክክል ቆጥራ “አምስት!” ካለች ደግሞ ወዲያው “እና በጠቅላላው ስንት ናቸው?” ይበሏት። መልሳ ከአንድ ከጀመረች፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር አልገባትም ማለት ነው። ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም ይጠነክራል። ብዙ ክዳን ያለበትን ሳህን ያቅርቡላትና “አራት ስጪኝ” ይበሏት። በቃሏ እስከ 20 የምትወርድ ልጅ በእጇ የሞላውን ዘግና ብትሰጥዎ አይደንግጡ። ልጆች “አንድ”ን፣ ቀጥሎ “ሁለት”ን፣ ከዚያ “ሦስት”ን የሚጨብጡት በየተራ ነው፤ በመካከሉም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ውሳኔዎ በዚህ ላይ ይመሠረታል። አራት ስጪኝ ሲባል የምታፍስ ልጅ አምስት ወይም ስድስት ክዳንና አንድ ሳህን ይበቋታል፤ ክዳኖቹ የሚደረደሩበትን ባለ አሥር ቤት ሠሌዳ ለመሥራት አይቸኩሉ። በትክክል እስከ አምስት ቆጥራ የምትሰጥ ልጅ ግን ከዚህ በታች ለሚሠራው ሠሌዳ ደርሳለች።

2. ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለ?

ካለ ይህን ሥራ ያቆዩት፤ ወይም ሁልጊዜ እርስዎ ባሉበት ብቻ አውጥተው ወዲያው የሚሰበስቡት ይሁን። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሕፃናት መጫወቻ መፈተኛ የሚሆነው ሲሊንደር ስፋት 3.17 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማነቅ አደጋ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ክዳኑ ይገባል። ቤት ውስጥ በሶፍት መሃል ያለው የካርቶን ቱቦ ትንሽ ስለሚሰፋ ይበልጥ ጥብቅ መፈተኛ ይሆንልዎታል፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለሕፃን አይሰጥም።

ለመቁጠሪያ የለመድነው ባቄላና ቦሎቄም ከዚህ አያመልጥም። ጥሬ እህል አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ለማውጣትም ያስቸግራል። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ከተበላ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። በየአጥሩ የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ደግሞ ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ የልጆችን ዓይን ይስባል፤ በውስጡ ያለው መርዝ ግን ሰው ይገድላል። ጉሎ በምንም መልኩ መጫወቻ አይሆንም።

ሕፃን ያለበት ቤት ድንች ወይም ብርቱካን ይጠቀም። ትልቅ ነው፤ ይታጠባል፤ “ሦስት ድንች አምጪልኝ” ማለትም ወጥ እየተሠራ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

3. ክዳኑ የምን ክዳን ነበር?

ከውሃ ጠርሙስ ብቻ ይሰብስቡ። የበረኪና፣ የጸረ ተባይ፣ የሞተር ዘይትና የመድኃኒት ክዳን ቢታጠብም አይመረጥ። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ዙሪያው ጥርስ አለው፤ ሲከርም ይዝጋል፤ በድንጋይ ሲጠፈጠፍ ደግሞ ጠርዙ ይበልጥ ስለታም ይሆናል። ለትልልቅ ልጆች ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለ4 ዓመት ልጅ ግን የፕላስቲኩ ይሻላል።

የሚፈልጉት 20 ክዳን ነው፤ 10 ሰማያዊና 10 ነጭ፣ ወይም ሌላ ሁለት ቀለም። ቢጠፋ ብለው አራት ያህል ትርፍ ይያዙ። ቀለም አይቀቡ፤ የክዳኑ የራሱ ቀለም ይበቃል፤ ቀለም ደግሞ ተልጦ አፍ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ። ስስ ላስቲክ ካለበትና በጥፍር ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ አስቀድመው ያውጡት። በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥበው በደንብ ያለቅልቁ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያድርቁ።

4. ሠሌዳው ከምን ይሠራ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የእንቁላል ትሪ ነው። 30 እንቁላል የሚይዘው ትሪ በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው ስድስት ቤት ስላለው ሁለት ሁለት ረድፍ ተደርጎ ሲቆረጥ ሦስት ባለ አሥር ቤት ሠሌዳ ይወጣዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሆኖም የወረቀቱ ትሪ አይታጠብም፤ ፈሳሽ የመጠጠ ወይም ኩስ የነካው ከሆነም ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል። የፕላስቲክ ትሪ ካገኙ በሳሙና አጥበው ይጠቀሙ። ካላገኙ የፓስታ ካርቶን ይሻላል።

ከካርቶኑ 25 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሠሌዳዎች ይቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ቤት ያላቸው ሁለት ረድፎች ያስምሩ፤ አንዱ ቤት 5 በ5 ይሆናል። ክዳኑ በቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ ዙሪያው ክፍት ቦታ ይተርፈዋል፤ ይህ ለትንሽ ጣት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ጽሑፍ ከበዛበት ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት። ማጣበቂያው ፉርኖ ዱቄት ነው፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ አራት ማንኪያ ያህል ውሃ ጨምረው፣ እስኪወፍር ድረስ በትንሽ እሳት ያማስሉት። በስሱ ይቀቡ። ወረቀቱ በአንድ ወገን ብቻ ከተለጠፈ ካርቶኑ ሲደርቅ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በጀርባውም ይለጥፉና ከባድ መጽሐፍ ጭነው ያሳድሩት። የተረፈውን ማጣበቂያ ይድፉት፤ ይሻግታል፤ በረሮም ይጠራል።

5. ምን ታደርግበታለች?

ሠሌዳው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይሞላ፤ መጀመሪያ ላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እሱ ሲሞላ ታችኛው። ሥርዓቱ ካልተጠበቀ የመሣሪያው ጥቅም ይጠፋል። ሰባት ክዳን ሲቀመጥ ላይ አምስት ሙሉ፣ ታች ሁለት ይሆናል። ልጅቷ ከጊዜ በኋላ ሳትቆጥር “ሰባት” የምትለው ይህን መልክ ስለለመደችው ነው። እኛ ትልልቆቹም ተበታትኖ የተቀመጠን ሰባት ነገር ባንድ እይታ አናውቀውም፤ ዓይን ያለ ቆጠራ የሚለየው እስከ ሦስት ወይም አራት ነው። አምስት አምስት እየሆነ ሲደረደር ግን ይቀለናል።

ቀጥሎ ባዶዎቹን ቤቶች ያሳዩ። “ሰባት አለን፤ አሥር ለመሙላት ስንት ይጎድላል?” ሦስቱ ባዶ ቤት ፊቷ ላይ ስላለ መልሱን ታያለች።

አንደኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስምንትና አምስትን ለመደመር ሁለቱን ሠሌዳ ጎን ለጎን ያደርጋል። በአንዱ ላይ ስምንት ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ አምስት ነጭ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ሠሌዳ ሁለት ቤት ጎድሎታል። ከነጮቹ ሁለቱን አንሥቶ እዚያ ይሞላል፤ አሥር ሆነ። በሁለተኛው ላይ ሦስት ነጭ ቀረ። አሥርና ሦስት፣ አሥራ ሦስት። ሁለት ቀለም ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ክዳኖቹ ከተንቀሳቀሱ በኋላም ሁለቱ ነጮች ከየት እንደመጡ ይታያል። በጣት ሲደመር አሥሩ ጣት አልቆ የሚደናበር ልጅ እዚህ መንገዱን ያገኛል።

6. እየተማረ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ስምንት ክዳን ሠሌዳው ላይ ደርድረው ለአፍታ ያሳዩና በጨርቅ ይሸፍኑት። “ስንት ነበር?” ይበሉ፤ ቀጥለውም “እንዴት አወቅህ?” ብለው ይጠይቁ። “ሁለት ባዶ ነበር” ወይም “አምስትና ሦስት ነው” ካለ ገብቶታል። ገምቶ ከሆነ መልሱ በየጊዜው ይለያያል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ ቁጥሩን ወደ ስድስት ዝቅ ያድርጉለት፤ መልሱን ግን አይንገሩት። ልጁ ክዳኖቹን ቤትና መኪና ማድረግ ከጀመረ ለዛሬ በቅቶታል፤ ይተዉት ይጫወት።

7. የዚህ መቁጠሪያ ወሰን የት ነው?

እስከ 20 ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ክዳን አይመችም፤ አሥር ክዳን አንድ ላይ ታስሮ “አንድ አሥር” አይሆንም። ልጅዎ 34ን ለመረዳት ከደረሰ ወደ እንጨት ይሂዱ። እኩል የተቆረጡና ጫፋቸው በድንጋይ ተፍቆ የደነዘ ቀጫጭን እንጨቶች በላስቲክ አሥር አሥር ይታሰራሉ፤ ሦስት እስርና አራት ነጠላ ማለት 34 ነው። ሸንበቆ ሲሰነጠቅ ስለሚቆርጥ አይምረጡት።

ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ

- ልጄ እስከ አምስት በትክክል ቆጥሮ ይሰጠኛል።
- ክዳኑን ሊውጥ የሚችል ሕፃን አጠገቡ አይኖርም።
- ክዳኖቹ ሁሉ ከውሃ ጠርሙስ የመጡ፣ የታጠቡና የሚላቀቅ ላስቲካቸው የወጣ ናቸው።
- ማስቀመጫው ክዳን ያለው ዕቃ ወይም የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ፌስታል ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ሊያጠልቀው ስለሚችል አይሆንም።
- ጨዋታው ሲያልቅ 20ውን ክዳን ከልጄ ጋር ቆጥሬ እመልሳለሁ።

አምስቱንም “አዎ” ካሉ ይጀምሩ። የመጀመሪያው “አይ” ከሆነ ሠሌዳውን ለጊዜው ትተው በአምስት ወይም ስድስት ክዳንና በአንድ ሳህን ይጀምሩ። ሁለተኛው “አይ” ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጠው በድንች ያስተምሩ።