ፀጉር ቤት በሸሕዲ፦ የንጽሕናው ሂሳብ በበረኪና ብቻ አያልቅም

ሸሕዲ ላይ ፀጉር ቤት ለመክፈት የሚነሣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያሰላው የቤት ኪራዩን፣ የወንበሩንና የመስታወቱን፣ የቶንዶሱንና የጄኔሬተሩን ዋጋ ነው። የንጽሕናው ወጪ «ለበረኪናና ለአልኮል» ተብሎ በመጨረሻው መስመር ላይ በጥቂት ብር ይያዛል። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ችግሩ የሚነሣው ከበረኪናው ዋጋ አይደለም። በገበያ ቀን ደንበኛ ተሰልፎ ሲጠብቅ መሣሪያውን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የመለሰ ባለቤት ሕጉንም ገበያውንም አብሮ ይይዛል።

ገንዳ ውሃ በሚል ስሙም የሚታወቀው ሸሕዲ ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ነው። የአካባቢው ንግድ የሚነሣውና የሚወድቀው በሰሊጡ ነው። በአረም ወቅት፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር አጨዳ፣ ከደጋው በርካታ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሂሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊትም ፀጉሩንና ጺሙን ይስተካከላል። በዚያው ወንበር ላይ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ደላላው፣ የባንክ ሠራተኛውና የእርሻ ባለሀብቱም ይቀመጣሉ። ከተለያየ አገር የመጣ ሰው በአንድ ቶንዶስና በአንድ ማበጠሪያ ሲስተናገድ፣ አንዱ ይዞት የመጣውን ሌላው ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 2031 ደግሞ አንድን ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ሥርዓት መጠበቅ አለበት ይላል። የፀጉር ቤት ባለቤት «ያጠፋው ሠራተኛዬ ነው» ብሎ እንዳያመልጥም አንቀጽ 2130 አለ፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ይሆናል። ከካሳው በተጨማሪ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 514 ተላላፊ በሽታን በሰው ላይ ማስተላለፍን ያስቀጣል።

በእርግጥ አንድ ሰው ሔፓታይተስ ቢ የያዘው ከየትኛው ወንበር እንደሆነ በፍርድ ቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ክርክር ቢነሣ መጀመሪያ የሚታየው የሙያው ሥርዓት ተጠብቆ ነበር ወይ የሚለው ነው። መልሱ በወረቀት ላይ የሌለው ባለቤት አፉን ብቻ ይዞ ይቀርባል። በመሆኑም በረኪናው የተበጠበጠበት ሰዓት፣ የበጠበጠው ሠራተኛ ስምና በዕለቱ የወጣው ምላጭ ብዛት የሚሰፍርበት አንድ ደብተር ለጤና ተቆጣጣሪም ለጠበቃም የሚጠቅም ማስረጃ ነው።

ማጽዳትና ማምከን አንድ አይደሉም

በፀጉር ቤቶች ዘንድ ሦስት ሥራዎች በአንድ ቃል ይጠራሉ። የመጀመሪያው ፀጉሩን፣ ቅባቱንና ደሙን በብሩሽ፣ በውሃና በሳሙና ማስወገድ ነው። ሁለተኛው የቀሩትን ተሕዋስያን በበረኪና ወይም በአልኮል መግደል ነው። ሦስተኛው አንድም ሕያው ነገር እንዳይቀር ማምከን ሲሆን፣ ይህ በትክክል የሚሆነው በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ወይም በደረቅ ሙቀት በ170 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ነው። ለትንሽ ፀጉር ቤት ሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች በአግባቡ ከተሠሩና ምላጩ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ከዋለ ዋናው አደጋ ይቀንሳል። ሆኖም የመጀመሪያውን ደረጃ ዘሎ ወደ ሁለተኛው መሄድ ትርፍ የለውም። በፀጉርና በቅባት የተሸፈነ ብረት ላይ በረኪናውም ሆነ አልኮሉ አይደርስም።

በየፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ የሚታየው ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን፣ «ስቴሪላይዘር» የሚባለው፣ ብዙ ደንበኛ የሚያምነው ዕቃ ነው። ብርሃኑ የሚሠራው ፊት ለፊት ባገኘው ገጽ ላይ ብቻ ነው። በመቀስ መጋጠሚያ ውስጥ፣ በቶንዶስ ጥርስ መሃልና በማበጠሪያው ጀርባ አይገባም። አምፖሉም ሲያረጅ ሰማያዊ ሆኖ እየታየ ኃይሉን ያጣል። መብራት ሲጠፋማ ተራ ሳጥን ነው። ስለዚህ የጸዳ መሣሪያ ማስቀመጫ እንጂ የማጽጃ ምትክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በገበያ የሚሸጠው በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ሲሆን፣ ለመሣሪያ የሚፈለገው 0.5 በመቶ ነው። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ለሁለት ሊትር 200 ሚሊ ሊትር በረኪናና 1.8 ሊትር ውሃ ማለት ነው። የታጠበው ማበጠሪያና መቀስ በዚህ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል። ብረት ከዚያ በላይ ከቆየ ስለሚዝግ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። የቶንዶሱ ጥርስ ግን ተፈትቶና ተቦርሾ 70 በመቶ አልኮል ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ለዚሁ ያህል ጊዜ ይነከራል፣ ሲወጣም ዘይት ይቀባል። «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ 95 በመቶ አልኮል መግዛት ስሕተት ነው። ውሃ ያልተቀላቀለበት አልኮል ቶሎ ይተናል፤ ተሕዋሱንም ደኅና አድርጎ አይገድልም።

የቆላው ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ክሎሪን በሙቀትና በፀሐይ ኃይሉን ያጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር በቆርቆሮ ጣራ ሥር ወራት የተቀመጠ በረኪና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 5 በመቶ ላይኖረው ይችላል። ኃይሉ በግማሽ ወርዶ ከሆነ፣ አንድ ለዘጠኝ የተበጠበጠው 0.5 መሆኑ ቀርቶ 0.25 በመቶ ይሆናል። ሽታው ግን እንዳለ ስለሆነ ሠራተኛው አያውቅም። መፍትሔው የተመረተበትን ቀን አይቶ በትንንሽ ጠርሙስ መግዛት፣ ከጣራ ርቆ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥና የተበጠበጠውን በየዕለቱ ማታ መድፋት ነው። ብጥብጡ ከደፈረሰ ደግሞ ማታን ሳይጠብቅ ይለወጣል።

የአጨዳው ሰሞን ሂሳብ

ሦስት ወንበር ያለው አንድ ፀጉር ቤት ለምሳሌ ቢወሰድ፣ አንድ የመሣሪያ ስብስብ፣ ማለትም ማበጠሪያ፣ መቀስና የቶንዶስ ጥርስ፣ ለመቦረሽና ለመታጠብ 3 ደቂቃ፣ ለመነከር 10 ደቂቃ፣ ለመታጠብ፣ ለመድረቅና ዘይት ለመቀባት 4 ደቂቃ ይፈልጋል። በጠቅላላው 17 ደቂቃ ነው። በተራ ቀን አንድ ደንበኛ 20 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ አንዱ ስብስብ ሲሠራ ሌላው ጸድቶ ይደርሳል። ለአንድ ወንበር ሁለት፣ ለሦስቱ ስድስት ስብስብ ይበቃል።

በኅዳር ገበያ ግን ሠራተኛው አንዱን ደንበኛ በ12 ደቂቃ ይጨርሳል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ስብስብ ጸድቶ ከመድረሱ 5 ደቂቃ ቀድሞ ሦስተኛው ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሠራተኛው ሁለት ምርጫ አለው፤ ደንበኛውን ማስጠበቅ ወይም መሣሪያውን ከአልኮሉ ሳይደርስ ማውጣት። ወረፋ እያየ፣ በራስ ብዛት የሚከፈለው ከሆነማ የትኛውን እንደሚመርጥ አያጠያይቅም። ለአንድ ወንበር ሦስተኛ ስብስብ ከተጨመረ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ በማጽጃ ሥርዓቱ ላይ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም 24 ደቂቃ ስለሚያገኝ 17ቱ ይበቃዋል። ልዩነቱ ለሦስት ወንበር ሦስት ተጨማሪ ስብስብ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው። አለቃ በቁጣና በማስጠንቀቂያ ሊያመጣው የማይችለውን ሥርዓት ይህ ወጪ ያመጣዋል።

ምላጩ ለብቻው ይታሰባል። በልማድ አንድ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ ለሁለት ሰው ይውላል፤ ይህ በራሱ ችግር የለበትም። ችግር የሚሆነው ግማሹ ለሁለተኛ ሰው ሲደገም ነው። የሔፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። በቀን 60 ሰው የሚላጭ ቤት 30 ሙሉ ምላጭ ማውጣት አለበት። ማታ ደብተሩ 60 ሰው ብሎ ከመጋዘን የወጣው ምላጭ 18 ከሆነ፣ ባለቤቱ ማንንም ሳይጠይቅ ምን እንደተደረገ ያውቃል።

ደንበኛ የሚገዛው የሚያየውን ነው

ደንበኛ ክሎሪን አይለካም። ስለዚህ «ንጽሕናችን የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ንጹሑን ቤት ከቆሻሻው አይለይም፤ ሁለቱም ሊጽፉት ይችላሉ። ሊመስሉት የማይቻለው በዓይን የሚታየው ነው። ምላጩ ከነወረቀቱ ቀርቦ በደንበኛው ፊት ይፈታል፤ ሲያልቅም ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል። ማበጠሪያውና የቶንዶሱ ጥርስ ከመስታወቱ ሥር ከተቀመጠ ግልጽ ዕቃ ውስጥ ይወጣል። ብጥብጡ የተሠራበት ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል። አንገት ላይ ከሚታሰረው ጨርቅ በታች አዲስ ሶፍት ይገባል።

ይህን ያየ ደንበኛ ጥቂት ብር ጨምሮ ለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ነገር ግን ዋጋ የጨመረ ቤት የወረፋው ቀን ሥርዓቱን ቢያጎድል፣ በአንድ ኅዳር ያጣውን ስም በሌላው ኅዳር መልሶ አይገዛውም። ወደ ደጋው የተመለሰው ሠራተኛ ጭርት ይዞ ቢገባ፣ ወይም ሾፌሩ ጺሙ ሥር ቁስል ቢያወጣ፣ ወሬው ከሸሕዲ እስከ ጎንደር በአንድ መኪና ይደርሳል። ስለዚህ ቤቱን የሚከፍት ባለሀብት አራተኛ ወንበር ከመግዛቱ በፊት ለሦስቱ ወንበሮች ዘጠኝ ስብስብ መሟላቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።