ስኳሩ መፍላት ሲጀምር ማንኪያውን አስቀምጪ

ነይ እህቴ፣ ወደ ምድጃው ጠጋ በይ። ነጠላሽን ግን እዚያ ወንበሩ ላይ አኑሪው፤ እሳት ላይ እንዲንዘላዘል አልፈልግም። የሹራብሽን እጅጌ አትሰብስቢ፣ ክንድሽን ይሸፍንልሽ። ነጠላ ጫማሽንም ሽፍን ባለ ጫማ ለውጪው። ሕፃኑን ደግሞ ለእናታችን ስጪያትና ነይ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ እንዳይመስልሽ። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የምንሠራው ካራሜል ግን 170 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ላይ ውሃ ቆዳሽ ላይ ቢፈስ ይወርዳል፤ ስኳር ግን ይጣበቅና እያቃጠለ ይቆያል።

ዛሬ የምንሠራው ለክሬም ካራሜል ታች የሚፈሰውን ነው። አንድ ኩባያ ስኳር፣ ማለትም 200 ግራም ገደማ፣ ለስድስት ትንንሽ ፎርማ ይበቃናል። ድስቱ ወፈር ያለና ውስጡ ነጣ ያለ የብረት ድስት ይሁን። ያንን ጥቁር የማይጣበቅ መጥበሻ መልሺው፤ እሱ ላይ የስኳሩን ቀለም ማየት አትችዪም፤ በካራሜል ሥራ ደግሞ የሚመራሽ ዓይንሽ ነው። ስሱ የአሉሚኒየም ድስትም አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ጥሬ ይተዋል።

ካራሜል በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ስኳሩን ብቻውን ማቅለጥ ነው፤ ደረቁ መንገድ እንበለው። ሌላው ስኳሩን በውሃ አሟሙቶ ማፍላት ነው። ለዛሬው የመረጥኩልሽ በውሃ የሚሠራውን ነው፤ ምክንያቱም ጊዜ ይሰጥሻል። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ብዙ ከፍ ስለማይል ስኳሩ ድንገት አይቃጠልብሽም።

ሩብ ኩባያ ውሃ መጀመሪያ ጨምሪ፤ ስኳሩን መሃል ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺው፤ የድስቱን ግድግዳ እንዳይነካ። አሁን በዝግታ እሳት ላይ አማስዪው። አዎ፣ አሁን ማማሰል ይቻላል። ፈሳሹ ጥርት ብሎ በማንኪያው ጫፍ አንድም ፍሬ ስኳር እስካይሰማሽ ድረስ አትቸኩዪ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂም ጣል አድርጊበት። ከዚያ እሳቱን ከፍ አድርጊና መፍላት ሲጀምር ማንኪያውን አስቀምጪ። ከዚህ በኋላ ማማሰል የለም።

ለምን? ውሃው እየተነነ ሲሄድ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስኳር ይዟል። ያ ስኳር መልሶ ፍሬ ለመሆን ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ግድግዳው ላይ ደርቃ የነበረች አንዲት ፍሬ ብትወድቅበት ሌላው ሁሉ እሷ ላይ እየተደረደረ በአንድ አፍታ ድስቱን ሞልቶ ነጭ አሸዋ ይሆናል። ማማሰልም እንዲሁ ፍሬው እንዲሠራ ያነሳሳዋል። ሎሚውን የጨመርንበት ለዚህ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። እነሱ በመሃል ሲገቡ ስኳሩ እርስ በርሱ ተደርድሮ ፍሬ መሆን ይከብደዋል። ጥቂት ማርም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

አሁን ክዳኑን ለሁለት ደቂቃ ግጠሚው። እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው እየወጣ የተጣበቀውን ያጥብልሻል። ከከፈትሽው በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረ ነጭ ነገር ካየሽ በውሃ በነከርሽው ንጹሕ ብሩሽ ወደ ታች ጥረጊው። ፕላስቲክ ብሩሽ አይሁን፣ ይቀልጣል። ፈሳሹ እንዲቀላቀል ከፈለግሽ የድስቱን እጀታ ይዘሽ በዝግታ አዙሪው እንጂ ማንኪያ አታስገቢ።

ለተወሰኑ ደቂቃዎች ምንም ለውጥ የሌለ ይመስልሻል። አረፋውን ተመልከቺ፤ መጀመሪያ ትንንሽና ፈጣን ነው፣ ውሃው ሲያልቅ ተለቅ ይልና ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህን ስታዪ ከድስቱ አትራቂ፤ ስልክም ቢጠራ አታንሺ። ከ160 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ከዳር በኩል ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሰከንዶች ነው የሚለወጠው። እሳቱን ዝቅ አድርጊ። ቀላ ያለ ሻይ ሲመስል አውጪው። ድስቱ ራሱ ሙቀት ስለያዘ ከእሳት ከወጣም በኋላ መጥቆሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ከምትፈልጊው ቀለም ትንሽ ቀደም ብለሽ አንሺው። ጭስ ከወጣና የሚሰነፍጥ ሽታ ከሸተተሽ አልፏል፤ ይመርራል፣ መልሶ የሚያስተካክለው ነገርም የለም።

ወዲያው ወደ ፎርማዎቹ አፍስሺው። ፎርማውን በደረቅና በታጠፈ ፎጣ ያዢው፤ እርጥብ ፎጣ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅሽ ያስተላልፈዋል። ታቹን እንዲሸፍን አዘንብለሽ አዙሪው፤ ይደርቃል፣ ግድ የለም። ምድጃ ውስጥ ሲበስል ከወተቱና ከእንቁላሉ በሚያገኘው እርጥበት ሟሙቶ መረቅ ይሆናል። ድስቱ ላይ የቀረውን በጣትሽ ለመቅመስ እንዳታስቢ። ውሃ ሞልተሽ አፍዪበት፣ ራሱ ይለቃል።

ፈሳሹ መሃል ላይ ነጭ አሸዋ ቢሆንብሽ አትድፊው። ከእሳት አውርጂ፣ ሩብ ኩባያ ውሃ በጥንቃቄ ጨምሪ፣ በዝግታ እሳት ሙሉ በሙሉ አሟሚና እንደገና ጀምሪ። ቀለም ከያዘ በኋላ ከሆነ ውሃው ሲነካው ስለሚፈናጠር ፊትሽን አርቂ።

ደረቁን መንገድ ቤት ውስጥ የካራሜል መረቅ ስትሠሪ ትጠቀሚበታለሽ፤ ፈጣን ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ድስቱ ላይ በስሱ በትኚ፣ መካከለኛ እሳት አድርጊ። ዳሩ ሲቀልጥ በእንጨት ማንኪያ ወደ መሃል ሳቢው፤ ሲጠራ ሌላ ጨምሪ። እዚህ ማማሰል ይፈቀዳል። የዚህኛው ጣጣ ከሥር ማረሩ ነው፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ሳለ ታቹ ይጠቁራል። ስኳሩ ከተጓጎለ እሳቱን ቀንሺና ታገሺው፣ ይቀልጣል። ክሬም ወይም ወተት የምትጨምሪ ከሆነ አስቀድመሽ አሙቂው፣ ድስቱን ከእሳት አውርጂ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። ቀዝቃዛውን በአንዴ ከደፋሽው ወደ እጅሽ ገንፍሎ ይወጣል። ለዚህም ነው ድስቱ ጥልቅ መሆን ያለበት።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብሽ አኑሪ፤ ቧንቧው ቢቋረጥም ውሃ አይጥፋሽ። ካቃጠለሽ ወዲያው እጅሽን ውሃው ውስጥ ክተቺ፤ ከዚያ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል አቆዪው፤ ቀለበትና አምባር ካለሽ ቶሎ አውልቂ። የተጣበቀውን ስኳር እንዳትልጪው፣ ቆዳሽን ይዞ ይነሳል። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ማንም ቢመክርሽ አትቀቢው። ውሃ ካቋጠረ፣ ሰፋ ካለ፣ ወይም ፊትሽ ወይም እጅሽ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ካራሜሉ ቢበላሽ የሚጠፋብን አንድ ኩባያ ስኳር ነው፤ ሌላ እንገዛለን። አንቺ ግን ራስሽን ጠብቂ።